ከነጥብ ዝርዝር ወደ ሠንጠረዥ፦ የቆጠራ ማስታወሻ በምድብና በንዑስ ምድብ እንዴት ይደረደራል?

በደሴ ፒያሳና ሰኞ ገበያ አካባቢ የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጥ ነጋዴ ሰኔ ሲጋመስ ቆጠራ ይገባል። ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋልና ሱቅ ውስጥ ያለውም ሆነ በሐረጎ ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ መጋዘን የተከማቸው ዕቃ ተቆጥሮ ለሒሳብ ባለሙያው መድረስ አለበት። ቆጠራው ብዙ ጊዜ የሚያዘው ስልክ ላይ ነው። ዋናው የዕቃ ዓይነት ከላይ ይጻፋል፣ ከሥሩ ትንሽ ገባ ተብሎ ዝርዝሩ፣ ከዝርዝሩም ሥር ሌላ ዝርዝር ይከተላል። ሒሳብ ባለሙያው ግን የሚፈልገው የኤክሴል ሠንጠረዥ ነው።

ብዙዎች ይህን ለውጥ ያንኑ ጽሑፍ ኤክሴል ላይ ለጥፎ ዙሪያውን መስመር ማስመር አድርገው ያዩታል። የተሰመረበት ዝርዝር ግን ያው ዝርዝር ነው፤ አይጣራም፣ አይደመርም፣ በፊደል ተራም ቢደረደር ይበታተናል። ምክንያቱን ለማየት አንድ አነስተኛ ማስታወሻ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድበት።

```
የቧንቧ ዕቃ
	ቱቦ
		ባለ 20 = 45
		ባለ 25 = 30
	ማገናኛ
		ባለ 20 = 120
		ባለ 25 = 80
	ቴፍሎን = 60
የኤሌክትሪክ ዕቃ
	ሽቦ
		ባለ 1.5 = 12
		ባለ 2.5 = 9
	ማብሪያ ማጥፊያ
		ነጠላ = 40
		ድርብ = 25
			ዋጋው ሊጨምር ይችላል
ቀለም
	የውሃ
		ነጭ = 18
		ክሬም = 7
	የዘይት
		ነጭ = 10
		ግራጫ
```

23 መስመር ነው። ለጻፈው ሰው ሁሉም ነገር ግልጽ ነው።

ዝርዝሩ ላይ ግልጽ የነበረው ለምን ሠንጠረዥ ላይ ይጠፋል?

«ባለ 20» ሁለት ጊዜ፣ «ነጭ»ም ሁለት ጊዜ ተጽፈዋል። ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች የሚያነብ ሰው አይምታታም፤ የመጀመሪያው ባለ 20 ቱቦ፣ ሁለተኛው ማገናኛ መሆኑን ከላዩ ካለው ቃል ይረዳል። መስመሩ ብቻውን ሲነሳ ግን ምንም አይናገርም። ሒሳብ ባለሙያው «ጋሼ፣ ይኼ 120 ያሉት ባለ 20 የቱ ነው?» ብሎ የሚደውለው ለዚህ ነው።

ነገሩ ከስማችን አጻጻፍ ጋር ይመሳሰላል። ቤት ውስጥ «ሰይድ» ሲባል የትኛው ሰይድ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። መዝገብ ላይ ግን ሰይድ አሊ ይማምና ሰይድ መሐመድ ሐሰን የተለያዩ ሰዎች መሆናቸው የሚታወቀው እያንዳንዱ የአባቱንና የአያቱን ስም ከጎኑ ስለያዘ ነው። አንድ አያት አሥር የልጅ ልጅ ቢኖረው ስሙ አሥር ጊዜ ይጻፋል፤ «ከላይ ተጠቅሷልና ይቅር» አይባልም። ሠንጠረዥም እንዲሁ ነው፦ ዕቃው ስሙ፣ ንዑስ ምድቡ አባቱ፣ ምድቡ አያቱ ነው።

ሁለት ቃል እንያዝ። ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄደው መስመር ረድፍ፣ ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ዓምድ ይባላል። አንድ ረድፍ አንድ ዕቃ ይይዛል፣ ዓምዶቹም ስለዚያ ዕቃ የሚጠየቁ ጥያቄዎች ናቸው፦ ምድቡ ምንድን ነው? ንዑስ ምድቡስ? ስንት አለ?

ከ23 መስመር ስንት ረድፍ ይወጣል?

መልሱ 23 አይደለም። «የቧንቧ ዕቃ» ዕቃ አይደለም፤ ማንም መጥቶ «አንድ የቧንቧ ዕቃ ስጠኝ» አይልም። ርዕስ ነው። «ቱቦ»ም እዚህ ርዕስ ሆኗል። ረድፍ የሚሆነው ከሥሩ ሌላ ነገር የሌለው፣ የመጨረሻው መስመር ብቻ ነው። መለያው ቀላል ነው፤ ቀጣዩ መስመር ከዚህኛው ይበልጥ ወደ ውስጥ ከገባ ይኼኛው ርዕስ ነው፣ ካልገባ ዕቃ ነው።

በዚህ መለያ ስንቆጥር 3 ምድብ፣ 6 ንዑስ ምድብ እና 13 ዕቃ እናገኛለን። ድምሩ 22 ነው። አንድ መስመር ተረፈ፤ እሱም «ዋጋው ሊጨምር ይችላል» የሚለው ነው። ይህ መስመር መለያችንን ያሳስተዋል፣ ምክንያቱም ከ«ድርብ» ሥር ስለገባ ራሱ ዕቃ፣ ድርቡ ማብሪያ ማጥፊያ ደግሞ ርዕስ ይመስላል። ሰው ሲያየው አስተያየት መሆኑ ወዲያው ይገባዋል፤ ኮምፒውተሩ የሚያየው ግን ወደ ውስጥ መግባቱን ብቻ ነው። ስለዚህ ከሁሉም በፊት ማስታወሻውን አንድ ጊዜ በዓይን አንብቦ እንዲህ ያሉትን መስመሮች ማውጣት ያስፈልጋል። ቦታቸው «ማስታወሻ» በሚል ራሱን በቻለ ዓምድ፣ በሚመለከቱት ዕቃ ረድፍ ላይ ነው።

ደረጃዎቹ ኤክሴል ላይ እንዴት ይለያሉ?

ሥራውን ከግማሽ በላይ የሚያቀልለው ታብ የምትባለው ቁልፍ ናት። መስመሮቹ ወደ ውስጥ የገቡት በታብ ከሆነ ጽሑፉ ተቀድቶ ኤክሴል ላይ ሲለጠፍ እያንዳንዱ ታብ አንድ ዓምድ ወደ ቀኝ ያሻግራል። ምድቦቹ A ላይ፣ ንዑስ ምድቦቹ B ላይ፣ ዕቃዎቹ C ላይ ይወድቃሉ፤ ገጹ የደረጃ ቅርጽ ይይዛል።

ሁሉም A ላይ ከተከመሩ ግን ማስታወሻው የተጻፈው በታብ ሳይሆን በባዶ ቦታ ወይም በነጥብ ምልክት ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ጽሑፉን በ Notepad ከፍቶ በ Ctrl+H መተካት ይበቃል። ለምሳሌ ስልኩ ለአንደኛው ደረጃ •፣ ለሁለተኛው ◦፣ ለሦስተኛው ▪ የሚያደርግ ከሆነ የመጀመሪያውን በባዶ፣ ሁለተኛውን በአንድ ታብ፣ ሦስተኛውን በሁለት ታብ መተካት ነው። የመተኪያው ሳጥን ውስጥ ታብ ሲጫኑ ጠቋሚው ወደ ሌላ ሳጥን ይዘላልና ታቡን ከጽሑፉ ውስጥ ቀድቶ እዚያ መለጠፍ ይሻላል። ከምልክቱ ቀጥሎ ያለችውን ባዶ ቦታም አብሮ መተካት ነው፣ አለዚያ በየቃሉ ፊት ትቀራለች። መስመሮቹን በሰረዝ (-) የሚጀምር ሰው ደግሞ ሰረዙን ሳያጠፋ እንዳይለጥፍ፤ ኤክሴል ቀመር እየመሰለው `#NAME?` ሊያሳይ ይችላል።

ከለጠፉ በኋላ ከላይ አንድ ረድፍ ጨምረው «ምድብ»፣ «ንዑስ ምድብ»፣ «ዕቃ» ብለው ይሰይሙ። የዋጋዋን አስተያየት E ላይ፣ ከድርቡ ማብሪያ ማጥፊያ ረድፍ አዛውረው ባዶ የቀረውን ረድፍ ይሰርዙ። አሁን ከአርዕስቱ በታች 22 ረድፍ አለ፤ ከ2 እስከ 23።

ቴፍሎን ለምን ቦታ አጣ?

ቀጥሎ የሚመጣው መሙላት ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ጠማማ መስመር አለ፣ እኔ በበኩሌ ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው እሱ ይመስለኛል።

«ቴፍሎን = 60» ዕቃ ነው፤ ግን ንዑስ ምድብ የለውም። በቀጥታ ከ«የቧንቧ ዕቃ» ሥር ስለተጻፈ የተቀመጠው B ላይ፣ ከ«ቱቦ»ና ከ«ማገናኛ» ጋር ተሰልፎ ነው። C ላይ ባዶ ነው። ርዕሶቹን የምናጠፋው «C ባዶ የሆነበትን ሰርዝ» ብለን ስለሆነ ቴፍሎንም አብሮ ይጠፋል። 60 ጥቅል ቴፍሎን ከቆጠራው ሲወጣ ስህተት የሚል ምልክት አይመጣም፣ ቀይ መስመርም አይታይም።

ወደ C ብናዛውረውስ? ያ ትክክል ነው፣ ግን በቦታው B ባዶ ይቀራል። ያን ባዶ እንዳለ ከተውነው ቀጥሎ የምናደርገው መሙላት ከላዩ ያለውን ወስዶ «ማገናኛ» ይለዋል። ቴፍሎን ማገናኛ አይደለም፤ ማገናኛው እንዳያፈስ ጥርሱ ላይ የሚጠመጠም ነው። ስለዚህ ከማዛወሩ ጋር B ላይ አንድ ነገር መጻፍ የግድ ነው። አንዳንዱ «ሌላ» ይላል። እኔ አልወደውም፣ ምክንያቱም «ሌላ» ከዓመት ዓመት እያበጠ ሁሉ የሚጣልበት ይሆናል። አጭር ሰረዝ (–) ማድረግ ንዑስ ምድብ እንደሌለው በግልጽ ይናገራል። ከሁሉም የሚሻለው ግን ባለሱቁን ጠይቆ «ማሸጊያ» የሚል እውነተኛ ንዑስ ምድብ መክፈት ነው፤ ነገ ሲሊኮን ቢገባ ቦታ ያገኛል። በእኛ ምሳሌ «ማሸጊያ» ብለን እንቀጥል።

ባዶዎቹ እንዴት ይሞላሉ?

ከ A2 እስከ B23 ያለውን ብቻ ይምረጡ። C መነካት የለበትም፤ ርዕስን ከዕቃ የምንለይበት እሱ ነው። ከዚያ F5 ተጭነው `Special` ውስጥ `Blanks` የሚለውን ሲመርጡ ባዶዎቹ ሴሎች ብቻ ይመረጣሉ። ሌላ ቦታ ሳይነኩ የእኩል ምልክት (=) ይጻፉ፣ ወደ ላይ የሚያመለክተውን ቀስት አንዴ ይጫኑ፣ ከዚያ Ctrl ይዘው Enter። እያንዳንዱ ባዶ ከላዩ ያለውን ይወርሳል።

አሁን ገጹ ላይ አንዳንድ እንግዳ ነገር ይታያል። ለምሳሌ «የኤሌክትሪክ ዕቃ» የሚለው ርዕስ ያለበት ረድፍ B ላይ ከቀድሞው ምድብ የወረሰው «ማሸጊያ» ይገባበታል። አያስደነግጥም፣ ያ ረድፍ ራሱ ሊሰረዝ ነው።

ከመሰረዝ በፊት ግን አንድ እርምጃ አለች። የሞላናቸው ሴሎች ጽሑፍ ሳይሆኑ «ከላዬ ያለውን አሳይ» የሚሉ ቀመሮች ናቸው። የላይኛው ረድፍ ሲሰረዝ የሚያሳዩት ያጡና `#REF!` ይላሉ። ስለዚህ A እና Bን እንዳሉ ቀድቶ በቦታቸው `Paste Special` ውስጥ `Values` ብሎ መለጠፍ፣ ማለትም ቀመሩን ወደ ጽሑፍ ማድረቅ ያስፈልጋል። ከዚያ C ላይ ማጣሪያ አድርጎ ባዶ የሆኑትን መሰረዝ ነው። 9 ርዕስ ይሄዳል፣ 13 ዕቃ ይቀራል።

ጉግል ሺትስ ለሚጠቀም ይህ ባዶ የመምረጫ መንገድ የለም። በምትኩ ረዳት ዓምድ ይከፈታል፤ E ላይ ማስታወሻው ስላለ F2 ላይ የመጀመሪያው፣ G2 ላይ ሁለተኛው ተጽፎ ወደ ታች ይጎተታል፤ ውጤቱም ተቀድቶ በ `Values` A እና B ላይ ይለጠፋል።

```
=IF(A2<>"",A2,F1)
=IF(A2<>"","",IF(B2<>"",B2,G1))
```

ሁለተኛው ቀመር አዲስ ምድብ ሲጀምር ንዑስ ምድቡን ባዶ ያደርገዋል፤ የቧንቧው ወደ ኤሌክትሪኩ አይሻገርም። ከዚህ አንጻር ከኤክሴሉ መንገድ ይሻላል።

ብዛቱ አሁንም ከዕቃው ስም ጋር አንድ ሴል ውስጥ ነው። `Data` ውስጥ `Text to Columns` ብለው መለያውን የእኩል ምልክት ቢያደርጉት ስሙ C ላይ ቀርቶ ቁጥሩ ወደ D ይሄዳል። ከፊሉ ይህን ይመስላል፦

| ምድብ | ንዑስ ምድብ | ዕቃ | ብዛት | ማስታወሻ |
|---|---|---|---|---|
| የቧንቧ ዕቃ | ማገናኛ | ባለ 25 | 80 | |
| የቧንቧ ዕቃ | ማሸጊያ | ቴፍሎን | 60 | |
| የኤሌክትሪክ ዕቃ | ማብሪያ ማጥፊያ | ድርብ | 25 | ዋጋው ሊጨምር ይችላል |
| ቀለም | የዘይት | ነጭ | 10 | |
| ቀለም | የዘይት | ግራጫ | | |

ግራጫው ባዶ ነው። 0 ብሎ መሙላት ያጓጓል፤ ግን ባዶ ማለት «አልቋል» ወይም «አልተቆጠረም» ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱም ለሒሳብ አንድ አይደሉም። የቆጠረው ሰው እስኪጠየቅ ባዶውን ይቆይ።

«የቧንቧ ዕቃ» አምስት ጊዜ መደጋገሙ አያስጠላም?

ያስጠላል፣ በተለይ ለሚታተም ወረቀት። ለዚህም ብዙ ሰው አምስቱን ሴል አዋህዶ ስሙን መሐል ላይ ያደርጋል። ሲዋሃዱ ግን ኤክሴል ስሙን የሚያኖረው የመጀመሪያው ሴል ላይ ብቻ ነው፤ የተቀሩት አራቱ ባዶ ናቸው። «የቧንቧ ዕቃ» ብለው ሲያጣሩ አንዱ ረድፍ ብቻ ይወጣል። ሊደረድሩትም ቢሞክሩ የተዋሃዱ ሴሎች አሉ ብሎ እምቢ ይላል። ለዓይን የሚያምር ቅርጽ ከተፈለገ መረጃውን እንዳለ ትቶ `PivotTable` በሌላ ገጽ መሥራት ነው። እሱ ከተደጋገመው ሠንጠረዥ ላይ የተሰበሰበውን ዝርዝር መልሶ ያወጣል፣ ድምሩንም ጨምሮ።

የኮምቦልቻው መጋዘን ዝርዝር ሲጨመርስ?

አንዳንዱ ነጋዴ ማስታወሻውን የሚጀምረው «ደሴ ሱቅ» እና «ኮምቦልቻ መጋዘን» ብሎ ነው፣ ዕቃው ሁሉ ከሥራቸው ይገባል። ደረጃው አራት ይሆናል። ሌላው ደግሞ ዕቃውን አስቀድሞ ቦታውን ከሥሩ ይጽፋል። ዝርዝር አንዱን ቅደም ተከተል ያስመርጣል፤ ሠንጠረዥ ግን አያስገድድም። «ቦታ» ሌላ ዓምድ ብቻ ነው፣ ምድብም አይደለም። ከዚያ በኋላ «ኮምቦልቻ ያለው ቱቦ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅም፣ «ቱቦ በጠቅላላ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅም ይቻላል።

ሁለት ሰው የጻፈው ሲገናኝ ግን አማርኛችን የራሱን ችግር ያመጣል። ደሴ ያለው «ዕቃ»፣ ኮምቦልቻ ያለው «እቃ» ብሎ ይጽፋል። ለአንባቢ አንድ ነው፤ ለኤክሴል ግን «ዕ» እና «እ» የተለያዩ ፊደላት ናቸውና «የቧንቧ ዕቃ»ና «የቧንቧ እቃ» ሁለት ምድብ ሆነው ይወጣሉ፣ ድምራቸውም ይከፈላል። «ውሃ»ና «ውኃ»ም እንዲሁ። ከቃሉ በኋላ የተረሳች ባዶ ቦታም ይህንኑ ታደርጋለች፣ እሷ ደግሞ በዓይን አትታይም። ለማወቅ `PivotTable` ላይ የሚዘረዘሩትን ስሞች ማየት ነው፤ ሦስት ምድብ ጠብቀን አራት ካየን አንዱ መንታ ነው። በ Ctrl+H አንዱን አጻጻፍ ወደ ሌላው መተካት ይፈታዋል። ባዶዋን ቦታ ግን የምታጠፋት `TRIM` ናት።

ምንም እንዳልጠፋ በምን ይታወቃል?

በሁለት ቁጥር። የመጀመሪያው የዕቃው ብዛት ነው፤ ከማስታወሻው ላይ አስቀድመን 13 ብለን ነበር፣ ሠንጠረዡም 13 ረድፍ ሊኖረው ይገባል። ሁለተኛው የብዛት ዓምድ ድምር ነው። በማስታወሻው ላይ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ሲደመሩ 456 ይመጣሉ። ቱቦን ከጋሎን ቀለም ጋር መደመር በራሱ ትርጉም የለውም፤ ግን ከመለወጡ በፊትና በኋላ ቁጥሩ እኩል መሆኑን ለማመሳከር ያገለግላል። ሠንጠረዡ 12 ረድፍና 396 ካሳየ የጎደለው አንድ ዕቃ፣ ብዛቱም 60 ነው። 60 የሚል ደግሞ ቴፍሎን ብቻ ነው።

ይህ ማመሳከሪያ የማይዘው አንድ ስህተት አለ፤ ዕቃው ሳይጠፋ የሌላ ሰው ልጅ ሆኖ ሲመዘገብ። ቴፍሎን «ማገናኛ» ሥር ቢገባ 13ቱም 456ቱም አይነቃነቁም። ስለዚህ በየንዑስ ምድቡ አጣርቶ ረድፎቹን ከማስታወሻው ጋር ማስተያየት ነው። «ማገናኛ» ሲጣራ ሁለት ረድፍ መውጣት አለበት፤ ሦስት ከወጣ ሦስተኛው ማን እንደሆነ አሁን እናውቃለን።